ባንኩ ከስድስት ወር በኋላ ላለው ቀን የቆረጠልኝ የዶላር ዋጋ ከዛሬው ይሻላል፤ ምን አስቦ ነው?

ቡና_ሃምቡርግ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጀርመን ውስጥ ጥሬ ቡና አስመጣለሁ። ለአንድ ጭነት ከ182 ቀን በኋላ 300,000 ዶላር መክፈል አለብኝ፤ ገቢዬ ግን በዩሮ ነው። ዛሬ አንድ ዩሮ 1.0800 ዶላር ነው። ዋጋውን ከአሁኑ ለመቁረጥ ብጠይቅ ባንኩ 1.0861 አለኝ። ዛሬ ከምገዛው ይሻላል ማለት ነው። ዩሮ ይጠነክራል ብሎ ገምቶ ነው? ካልሆነ ለምን ይጨምርልኛል? ዋጋው ትክክል መሆኑንስ በምን ላረጋግጥ?

ተስፋ_ፎሬክስ፦ ፎርዋርድ፣ ማለትም ለወደፊት ቀን ዛሬ የሚቆረጠው ዋጋ፣ ገበያው ከስድስት ወር በኋላ ይሆናል ብሎ የሚጠብቀው ነው። የሚመጣውም ከወለድ ልዩነት ነው። በሰኔ 2024 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ 5.50 በመቶ፣ የአውሮፓው 3.75 ነበር፤ ልዩነቱ 1.75 በመቶ። 1.08ን በ1.0175 ስታባዢው 1.0989 ይሆናል። ባንኩ 128 ፒፕ ወስዶብሻል፣ አንድ ፒፕ 0.0001 ነው፤ ሌላ ባንክ ፈልጊ።

መዝገብ፦ ተስፋ፣ የወለድ ልዩነት ያልከው ልክ ነው፤ የቀረው ግን ሁለት ቦታ ላይ ተበላሽቷል። 1.75 በመቶ የዓመት ነው፤ የሷ ውል 182 ቀን ነው። ዓመቱን በሙሉ ስለቆጠርክ ነው ቁጥሩ ያበጠብህ። ደግሞ ማዕከላዊ ባንኮች ለአንድ ሌሊት የሚያወጡት ወለድ እዚህ አይገባም። የሚገባው ባንኮች እርስ በርሳቸው ለስድስት ወር የሚበዳደሩበት ነው።

እህቴ፣ ባንኩ ምንም አልገመተም። ውሉን ስትፈርሚ ዛሬውኑ ምን እንደሚያደርግ እንከተለው። የስድስት ወር ወለድ በዶላር 5.30፣ በዩሮ 3.70 በመቶ እንበል፤ ከሰኔ 2024 ገበያ ብዙ አይርቅም።

ባንኩ በ182ኛው ቀን 300,000 ዶላር ሊያስረክብሽ ቃል ገብቷል። ያን ቀን ዶላር ይወደድ ይርከስ ስለማያውቅ ዛሬውኑ ይገዛዋል። ግን ሙሉውን አይገዛም። 292,171 ዶላር ገዝቶ በ5.30 ቢያስቀምጠው በቀኑ 300,000 ይሞላለታል። ይህን ለመግዛት ዛሬ 270,529 ዩሮ ያስፈልገዋል፤ አንቺ ገና ስላልከፈልሽው ይበደረዋል። ብድሩ በ3.70 ወለድ በቀኑ 275,590 ዩሮ ይደርሳል። እንግዲህ ካንቺ መቀበል ያለበት ይህንኑ ነው። 300,000ን ለ275,590 ስታካፍይ 1.0886 ይመጣል። ፎርዋርዱ ይኸው ነው፤ ዩሮ ወደየት ይሄዳል የሚል ጥያቄ በየትኛውም እርምጃ ላይ አልተነሳም።

ባጭሩ ሲጻፍ፦

```
F = S × (1 + r_usd × d/360) / (1 + r_eur × d/360)
F = 1.0800 × 1.026794 / 1.018706 = 1.0886
```

ስታሰይው ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ከላይ የሚገባው ዋጋው የተጻፈበት ገንዘብ ወለድ ነው። «አንድ ዩሮ ይህን ያህል ዶላር» ስለተባለ የዶላሩ ወለድ ከላይ ይሆናል። ብትገለብጪው ፎርዋርዱ ከዛሬው በታች ይወርድና ወዲያው ታውቂዋለሽ፤ ወለዱ ዝቅተኛ የሆነው ገንዘብ ነው ሁልጊዜ በፎርዋርድ ከፍ የሚለው። ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። ዶላርና ዩሮ በ360 ይካፈላሉ፣ የእንግሊዝ ፓውንድ ግን በ365። ቀኑ የሚቆጠረውም ከተፈራረማችሁበት ቀን ሳይሆን የስፖት፣ ማለትም በዛሬው ዋጋ የሚደረግ ግዢ፣ ርክክብ ከሚፈጸምበት፣ ሁለት የሥራ ቀን ዘግይቶ ነው።

ቡና_ሃምቡርግ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ስሌቱ ገብቶኛል። ግን ባንኩ «ወለድ አላውቅም፣ በዛሬው 1.0800 እንዋዋል» ቢለኝ ማን ይከለክለዋል?

ኪዳኔ_ለንደን፦ የሚከለክል የለም፤ ግን በሰዓታት ውስጥ ይበሉታል። 1.0800 የሚል ፎርዋርድ ያየ ነጋዴ አንድ ሚሊዮን ዩሮ በ3.70 ይበደራል። በዛሬው ዋጋ 1,080,000 ዶላር ይገዛል፣ በ5.30 ያስቀምጣል። በቀኑ 1,108,938 ዶላር ይሆንለታል። ይህንኑ ዶላር ዛሬ፣ ገና እጁ ሳይገባ፣ በ1.0800 ወደ ዩሮ ለመመለስ ካንቺ ባንክ ጋር ይዋዋላል። በቀኑ 1,026,794 ዩሮ ይቀበላል፣ 1,018,706 ብድሩን ይከፍላል፣ 8,088 ዩሮ ኪሱ ይገባል። ዩሮ በመሃል ቢወጣ ቢወርድ እሱን አይመለከተውም፤ አራቱም ዋጋ ዛሬ ተቆርጧል።

ይህን ያየ ሁሉ ዩሮ በፎርዋርድ ሊገዛ ይሰለፋል፣ ዋጋውም ወደ 1.0886 ይገፋል። እዚያ ሲደርስ 1,108,938 ዶላሩ የሚመልሰው ብድሩን ያህል ብቻ ስለሆነ ሩጫው ይቆማል።

ተስፋ_ፎሬክስ፦ የዓመቱን ሒሳብ እኔው ነኝ የሳትኩት፣ ተቀብያለሁ። ቢሆንም ዶላር ወለዱ ከፍ ያለው ወደፊት ስለሚዳከም አይደለም እንዴ? ገበያው ያን ካልጠበቀ ሁሉም ዩሮውን ሸጦ ዶላር ላይ ይቀመጥ ነበር።

መዝገብ፦ ያ ሌላ ሐሳብ ነው። እሱ ዋጋውን ሳይቆርጥ የሚቀመጥ ሰው የሚያደርገው ግምት ነው፤ አንዳንዴ ይይዛል፣ ብዙ ጊዜ ለዓመታት ይስታል። ኪዳኔ ያሳየው ግን ሁሉንም ዋጋ ዛሬ ስለቆረጠ ማንም ምንም ባያስብ የሚሠራ ነው። ሁለቱ ተመሳሳይ ቁጥር ስለሚጠቅሱ ይምታታሉ።

ሰላም_ሲልቨር_ስፕሪንግ፦ በዚህ አጋጣሚ፣ አዲስ አበባ ላሉ ቤተሰቦች ዶላር ከአንድ ዓመት በኋላ ስንት ብር እንደሚሆን በዚሁ ቀመር ማስላት ይቻላል? የብሔራዊ ባንክ ወለድ 15 በመቶ ነው ሲባል ሰምቼ ነው።

ኪዳኔ_ለንደን፦ ቀመሩ ቁጥር ይሰጥሻል፣ ቁጥሩ ግን ዋጋ አይሆንም። ሐምሌ 2024 ላይ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በ15 እና በ5.30 በመቶ አስልተሽው ቢሆን የዓመቱ ፎርዋርድ 62 ብር ከሃምሳ እንኳ አይሞላም ነበር። ከሐምሌው ለውጥ በኋላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዶላሩ 100 ብር አልፏል።

ቀመሩን የሚያስከብረው ያ አንድ ሚሊዮን ዩሮ ይዞ የሚሮጠው ሰው ነው። ብር ተበድሮ፣ በፈለገው መጠን ዶላር ገዝቶ፣ ውጭ አስቀምጦ፣ መልሶ ማስገባት መቻል አለበት። ከአራቱ አንዱ በፈቃድ ወይም በወረፋ ከተያዘ የሚሮጥ የለም፣ ስለዚህ ዋጋውን ወደ ቦታው የሚገፋው ኃይል የለም።

ገብሬ_ትሬዠሪ፦ 1.0886 ራሱም ቢሆን በትክክል አይያዝም። ከ2008 የገንዘብ ቀውስ ወዲህ በዩሮና በየን ላይ ትንሽ ክፍተት ቀርቷል። ዶላር በቀጥታ መበደር የማይችል ባንክ ዩሮውን አስይዞ በስዋፕ፣ ማለትም ዛሬ ለዋውጦ በተቆረጠ ዋጋ በኋላ በሚመልስ ውል፣ ዶላር ይወስዳል፣ ለዚህም ከተለመደው የዶላር ወለድ በላይ ይከፍላል። ነጋዴዎቹ ክፍተቱን እንዳይበሉት የሚያግዳቸው ስሌቱ አይደለም፤ ስዋፑ በሒሳብ መዝገባቸው ላይ ቦታ ይይዛል፣ ቦታው ደግሞ ካፒታል ይጠይቃል። በተለይ በሩብ ዓመትና በዓመት መጨረሻ ሪፖርት ሲደርስ ይጠብባቸዋል። መጋቢት 2020 ክፍተቱ ሲሰፋ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ለሌሎች ማዕከላዊ ባንኮች ዶላር የሚያበድርበትን መስመር ያረከሰው ለዚህ ነው።

ላንቺ ምን ማለት ነው? ክፍተቱ 0.20 በመቶ ቢሆን የዶላሩ ወለድ 5.50 እንደሆነ ይቆጠራል፣ ፎርዋርዱም ከ10 ፒፕ ትንሽ በላይ ከፍ ብሎ 1.0896 ይሆናል። ዶላር ገዢ ስለሆንሽ የሚጠቅመው አንቺን ነው። ክፍያሽ ታኅሣሥ 31ን የሚሻገር ከሆነ ይህን ሳታዪ ባንኩ ላይ አትፍረጂ።

መዝገብ፦ እስማማለሁ፤ ግን ለ300,000 ዶላር ደንበኛ ያ 10 ፒፕ እጇ አይደርስም፣ ባንኩ ጋ ይቀራል። የሚያሳስባት በ1.0886 እና በ1.0861 መካከል ያለው 25 ፒፕ ነው። በ1.0861 የምትከፍለው 276,218 ዩሮ ነው፤ ስለዚህ የባንኩ ድርሻ 628 ዩሮ ገደማ ነው።

አንድ የማይጠየቅ ነገርም አለ። ከዛሬው ዋጋ ጋር አነጻጽረሽ «1,560 ዩሮ አተረፍኩ» አትበይ። ያን ልዩነት የሚያካክሰው ዛሬ ብትገዢው ዶላሩ ለስድስት ወር የሚያገኝልሽ ወለድ ነው። ዩሮው አሁኑኑ እጅሽ ላይ ካለና ያለ ወለድ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ውስጥ ከተኛ፣ ዛሬ 292,171 ዶላር ገዝቶ በዶላር ሒሳብ ማስቀመጥ ይሻል ይሆናል። ይህ የሚሆነው ግን ባንክሽ ላንቺም 5.30 አካባቢ ከከፈለሽ ነው፤ 2 በመቶ ብቻ ካለሽ የሚያስፈልግሽ ዶላር ወደ 297,000 ስለሚወጣ አስልተሽ ወስኚ።

ቡና_ሃምቡርግ፦ ዩሮው የሚገባው ቡናው ከተሸጠ በኋላ ነው፣ አሁን የለኝም። ባንኩን ዋጋውን ለሁለት ከፍሎ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ስፖት 1.0786፣ በላዩ የሚጨመረው የፎርዋርድ ነጥብ 75 አለኝ።

መዝገብ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ስለዚህ 14 ፒፕ ስፖቱ ውስጥ፣ 11 ደግሞ ነጥቡ ውስጥ ተደብቋል፤ ነጥቡ 86 መሆን ነበረበት። ስፖቱ ላይ ተከራከሪ፣ እዚያ ለመቀነስ ይቀላቸዋል። ስክሪን ላይ የምታዪውና እነሱ የሚያዩት የአንድ ደቂቃ ዋጋ መሆኑን ብቻ አረጋግጪ፤ በስልክ እየተነጋገራችሁ 10 ፒፕ ይንቀሳቀሳል።

ገብሬ_ትሬዠሪ፦ በነጥቡ ላይ ያለው 11 እኔን ብዙም አያስገርመኝም። ዩሮ ወደ 1.15 ቢወጣ አንቺ ውሉን ትተሽ እንዳትሄጂ ባንኩ የብድር ገደብሽን ያስይዛል፣ የዚያ ዋጋ ነው። ጥሬ ገንዘብ መያዣ ካስቀመጥሽ ግን ሊያስከፍሉሽ አይገባም።

መዝገብ፦ እዚህ ላይ አንስማማም፤ ለስድስት ወር 11 ብዙ ነው። ሁለተኛ ባንክ በዚያው ሰዓት ጠይቃ ብታወዳድር ነው የሚለየው። መርከቡ ቢዘገይስ የሚለውንም ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። ውሉን በ30 ቀን ለማራዘም ያን ቀን ባለው የወለድ ልዩነት አዲስ ስዋፕ ይሠራል፣ የዛሬው ነጥብ አይሠራም። ጭነትሽ ብዙ ጊዜ የሚዘገይ ከሆነ በሁለት ቀኖች መካከል በፈለግሽው ጊዜ የምትወስጂበት ውል አለ፤ ባንኩ ግን በመስኮቱ ውስጥ ለራሱ የሚሻለውን ቀን ነጥብ ነው የሚያስብልሽ፣ ላንቺ ደግሞ ይህ የመጀመሪያው ቀን ነው።

ቡና_ሃምቡርግ፦ መርከቡ ብዙ ጊዜ ሦስት ሳምንት ይዘገያል። ነገ ሁለቱንም ባንክ በአንድ ሰዓት ጠይቄ ቁጥሩን እዚህ አመጣለሁ።