የወርቅ ስፖት ዋጋ፦ አራት ስክሪን፣ አራት ቁጥር

ደረጀ (ቨርጂኒያ)፦
የእህቴ ባል እዚህ ትንሽ የወርቅ ቤት አለው። አሮጌ ጌጥ ይገዛና ሲጠራቀም ለማቅለጫ ፋብሪካ ይሸጣል። የሚገዛበትን ዋጋ የምታወጣለት ኤክሴል እየሠራሁ ነው። ግን የትኛውን የዓለም ዋጋ ላስገባ? አንድ ቀን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያየሁት ይሄ ነው፦

```
የስልኬ አፕ        2,651.35
አንድ ድረ ገጽ      2,652.10
የብሮከር ስክሪን    XAUUSD 2,651.10 / 2,651.60
ቴሌቪዥን          2,668.30
```

ሁሉም «ወርቅ በአውንስ» ነው የሚሉት። የትኛው ነው ትክክለኛው?

ሸገር12፦
ዋጋውን የሚወስነው ለንደን ነው። በቀን 2 ጊዜ ጨረታ አለ፣ በለንደን ሰዓት ከጠዋቱ 4፡30 እና ከቀኑ 9፡00። ሌላው ሁሉ ከዚያ ነው የሚቀዳው። አንዱ ቶሎ ይቀዳል፣ አንዱ ይዘገያል። በቃ።

ሚዛን፦
ሸገር፣ ጨረታው እውነት ነው። በፈረንጆቹ 1919 የተጀመረውን የድሮውን አሠራር ተክቶ ከፈረንጆቹ መጋቢት 2015 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክስ ይካሄዳል። ግን ከእሱ የሚወጣው ዋጋ ለውል መነሻ የሚሆን ማጣቀሻ ነው። ማዕድን አውጪውና ፋብሪካው «በዛሬው የከሰዓት ዋጋ» ብለው ይዋዋሉበታል። ደረጀ ስክሪን ላይ ያየው ግን በየሰከንዱ የሚንቀሳቀስ ሌላ ነገር ነው።

ስፖትን፣ ማለትም ወርቁ አሁኑኑ የሚሸጥበትን ዋጋ፣ ቁጭ ብሎ የሚወስን አካል የለም። ለንደን ላይ ባንኮችና ነጋዴዎች እርስ በርስ ይገበያያሉ፣ ወርቁና ገንዘቡም ከ2 የሥራ ቀን በኋላ ይወራረዳል። ንግዱ በሁለት ወገን መካከል ስለሚያልቅ እንደ አክሲዮን ገበያ አንድ የጋራ ሰሌዳ የለውም። እያንዳንዱ ባንክ «በዚህ እገዛለሁ፣ በዚህ እሸጣለሁ» ይላል። ዳታ ሻጩ ድርጅት የተወሰኑትን ይሰበስባል፣ በራሱ መንገድ ወደ አንድ ቁጥር ያጠጋጋል። ሁለት ድርጅት ከተለያዩ ባንኮች ከሰበሰበ ቁጥሩ በሳንቲም መለያየቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ደረጀ ቁጥሮች። ብሮከሩ ሁለት ዋጋ ነው ያሳየህ፣ በግራ እሱ ከአንተ የሚገዛበት፣ በቀኝ የሚሸጥልህ። መሀላቸውን ውሰድ፣ 2,651.35 ይመጣል። የስልክህ አፕ ማለት ነው። ሁለቱ አልተጣሉም። የቴሌቪዥኑ ግን ስፖት አይደለም፣ የኒውዮርክ ፊውቸርስ ነው። ኮሜክስ በሚባለው ገበያ ላይ ወደፊት ለሚደረግ ርክክብ ዛሬ የሚዋዋሉበት ዋጋ። ዜና ላይ ሁለቱንም «የወርቅ ዋጋ» ብለው ነው የሚያልፉት፣ እኔን ሁሌ ያናድደኛል።

ሸዋዬ ዱባይ፦
እኔንም አታለውኛል ማለት ነው! ባለፈው ሳምንት 22 ካራት የአንገት ሐብል ገዝቼ ቤት ሄጄ በስልኬ ሳሰላው ከዓለም ዋጋ በጣም በልጦ አገኘሁት። የትኛው አፕ ነው ትክክለኛው?

ሚዛን፦
እህቴ፣ ያንቺ የአፕ ጉዳይ አይደለም። በደረጀ ቁጥር እናስላው። 2,651.35ን አንድ አውንስ ለሚይዘው 31.1035 ግራም ስናካፍል ግራሙ ወደ 85.24 ዶላር ነው። ይሄ የንጹሕ ወርቅ ነው። 22 ካራት ከ24ቱ 22 እጅ ስለሆነ 78.14 ዶላር፣ በድርሃም ወደ 287። ከዚያ በላይ የከፈልሽው የእጅ ሥራ፣ የሱቁ ትርፍና 5 በመቶ ታክስ ነው። ደረሰኝሽ ላይ የእጅ ሥራው ለብቻው ተጽፎ እንደሆነ እዪ።

ደረጀ (ቨርጂኒያ)፦
የብሮከሩና የአፑ ገባኝ። ግን ፊውቸርሱ ለምን 17 ዶላር ይበልጣል? ድረ ገጹስ? 75 ሳንቲም ከየት አመጣ?

ሚዛን፦
ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ናቸው። ወርቅ ዛሬ ገዝተህ ለ50 ቀን ብታስቀምጥ ገንዘብህ ወለድ ሳያመጣ ይቆያል። ፊውቸርስ የሚገዛ ሰው ግን ሙሉውን ገንዘብ አሁን አይከፍልም። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ወለድ ያህል ዋጋው ከፍ ይላል። ርክክቡ ከ50 ቀን በኋላ ነው፣ ወለዱ በዓመት 4.6 በመቶ ነው እንበል፦

```
2668.30 / (1 + 0.046 * 50 / 360) = 2651.36
```

አየህ፣ ከስፖቱ ጋር ገጠመ። አሁን ወለዱን ብቻ 4.4 በመቶ አድርገው፦

```
2668.30 / (1 + 0.044 * 50 / 360) = 2652.09
```

ይሄ ደግሞ የድረ ገጹ ቁጥር ነው ማለት ይቻላል። የኮሜክስ ዋጋ ለሁሉም የሚታይና በብዛት የሚገበያዩበት ስለሆነ አንዳንድ አቅራቢ ስፖቱን ከባንክ ሳይገዛ ከፊውቸርስ ወደ ኋላ ያሰላዋል። የወለድ ግምቱ ትንሽ ሲለይ ቁጥሩ ይለያል። ያንተ ድረ ገጽ እንደዚህ ያደርጋል ብዬ ግን አልምልም። መሸጫውን ብቻ ወስዶ ትንሽ የጨመረበትም ሊሆን ይችላል።

ባለሚዛኑ ልጅ፦
ይሄ ቀመር ሰላም ባለ ቀን ነው የሚሠራው። መጋቢት 2020ን አስታውሱ። በኮሮና ምክንያት በረራ ቆመ፣ የስዊዘርላንድ ማቅለጫዎችም ተዘጉ። ለንደን ያለው ጡብ 400 አውንስ ገደማ ነው። ኮሜክስ የሚረከበው ደግሞ የ100 አውንስ ወይም የኪሎ ጡብ ነበር። አቅልጦ የሚያሳንሰውም፣ የሚያጓጉዘውም ጠፋ። ስፖትና ፊውቸርስ ከ70 ዶላር በላይ የተራራቁበት ጊዜ ነበር። ያን ቀን በወለድ ብቻ ወደ ኋላ ያሰላ ስክሪን ለንደን ውስጥ የሌለ ዋጋ ነበር የሚያሳየው።

ሸገር12፦
እሺ፣ ስለ ጨረታው ተሳስቻለሁ። መዘግየት ግን አለ። የኔ አፕ ነጻው ስለሆነ እየቆየ ነው የሚታደሰው።

ሚዛን፦
አለ፣ ልክ ነህ። ቅዳሜ ዕለት ይለያል። ገበያው አርብ በኒውዮርክ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ይዘጋል፣ አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ሌሊት 6 ወይም 7 ሰዓት ማለት ነው። ቅዳሜ ሁለቱን ስክሪን ጎን ለጎን ክፈት። ልዩነቱ ከጠፋ መዘግየት ነበር። ዋጋው ቆሞም ልዩነቱ እዚያው ካለ ምንጩ ወይም ስሌቱ ነው።

ደረጀ፣ ለሠንጠረዡ ግን በ75 ሳንቲም አትጨነቅ። በግራም 2 ሳንቲም ተኩል እንኳ አይሞላም። የእህትህ ባል ለፋብሪካው ደውሎ «የምትከፍሉኝ በየትኛው ዋጋ ነው?» ይበል። ወርቁ በደረሰበት ሰዓት ባለው የስፖት መግዣ ነው ወይስ በለንደን የከሰዓቱ ጨረታ? እሱ የሚሸጥበት ቁጥር ሠንጠረዡ ውስጥ ይግባ። መግዣ ካሉት የብሮከርህን የግራውን ቁጥር አስገባ፣ መሀሉን አይደለም።

ደረጀ (ቨርጂኒያ)፦
ደውሎ ጠየቀ። የለንደን የከሰዓቱ ዋጋ ነው አሉት፣ ወርቁ ከገባ በማግስቱ የሚወጣው። ማለትም እሱ ዛሬ ሲገዛ የነገን አያውቅም፣ ለዚያ የሚሆን ልዩነት መተው አለበት። ስንት ይተው የሚለው አሁን አከራክሮናል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ አፑ «ዛሬ 0.3 በመቶ ጨመረ» ሲል ድረ ገጹ 0.5 ይላል። ይሄስ?

ባለሚዛኑ ልጅ፦
«ትናንት» የሚሉት ሰዓት ተለያይቶ ይሆናል። አንዱ የኒውዮርክን መዝጊያ ይወስዳል፣ አንዱ የግሪኒችን እኩለ ሌሊት። ድረ ገጹ ግርጌ ላይ ከጻፈው እይ፣ ካልጻፈ ጠይቃቸው።

ደረጀ (ቨርጂኒያ)፦
አልጻፉም። ኢሜይል ልኬላቸዋለሁ፣ እስካሁን መልስ የለም።