ሰኔ ላይ የተረከቡት ዴስክ፣ ያልመጣ ክፍያ፦ ገቢው የየትኛው ግብር ዓመት ነው?

ጥያቄ፤ የአናጺው ሴት ልጅ (ባሕር ዳር)

የአባቴ የእንጨት ሥራ ድርጅት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ መዝገቡን አሁን የምይዘው እኔ ነኝ። በሰኔ 2016 ለአንድ መሥሪያ ቤት 240 ኮምባይንድ ዴስክ አቀረብን፤ የአንዱ ዋጋ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት 5,000 ብር ነው። ለ200ው ሰኔ 24 ቀን የዕቃ መረከቢያው ሞዴል 19 ተቆረጠልን። የቀሩት 40 እግራቸው ይነቃነቃል ስለተባለ እዚያው ግቢ ውስጥ አስተካከልናቸውና ሞዴል 19 የተሰጠን ሐምሌ 8 ቀን ነው። በጀት ተዘግቷል በሚል ክፍያው እስከ ዛሬ፣ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ፣ አልመጣም። በሌላ በኩል በጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል ለአልጋና ለቁም ሳጥን 450,000 ብር ቅድሚያ ሰኔ 12 ቀን ከፍሎናል፤ ሥራውን ግን አልጀመርነውም። አባቴ «በእጄ ያልገባ ብር ግብር የለበትም፤ የገባው ግን ገቢ ነው» ይላል። ለ2016 ምን ላስታውቅ?

የዘጌ ጀልባ

አባትዎ ትክክል ናቸው። እኔ የአንድ ድርጅት ሠራተኞችን በጀልባ ወደ ዘጌ አመላልሳለሁ፤ ድርጅቱ ደግሞ የሁለትና የሦስት ወር ሒሳብ ያሳድርብኛል። በገቢና ወጪ መዝገቤ ላይ የምጽፈው ብሩ ሲደርሰኝ ብቻ ነው፤ ግብር ሰብሳቢውም እስካሁን በዚህ ምክንያት አንድ ነገር ብሎኝ አያውቅም። ያልተከፈለኝን ገቢ ብዬ ባስታውቅ ግብሩን ከየት አምጥቼ እከፍላለሁ?

ጡረተኛው የሒሳብ ሠራተኛ

ወንድሜ፣ እርስዎ ደረጃ «ለ» ስለሆኑ ነው። የግል ማኅበር የሽያጩ መጠን ምንም ቢሆን ደረጃ «ሀ» ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረትም ሒሳቡን በአክሩዋል መያዝ አለበት እንጂ በጥሬ ገንዘብ ሒሳብ አያስታውቅም። ስለዚህ አባትሽ የሚሉት ለጀልባው ባለቤት የሚሠራ፣ ለእናንተ ግን የማይሠራ ነው፣ ልጄ።

በአክሩዋል ገቢው ተገኘ የሚባለው ገንዘቡን የመቀበል መብት በተረጋገጠበት ቀን ነው፤ ክፍያው ቢዘገይም ሆነ በየጊዜው ተከፋፍሎ ቢመጣ ቀኑን አይለውጠውም። መሥሪያ ቤቱ የ200ውን ዴስክ ሞዴል 19 ሰኔ 24 ቀን ሲቆርጥ ዕቃውን መርምሮ መረከቡን በፊርማው አረጋግጧል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ገንዘቡን ማውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ 1,000,000 ብሩ የ2016 ገቢ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክሱን 150,000 ብር ከዚህ ጋር እንዳትደምሪው፤ እሱ የእናንተ ገንዘብ አይደለም።

የሆቴሉ 450,000 ብር በተቃራኒው ገቢ ሳይሆን ዕዳ ነው። ዛሬ ሆቴሉ ውሉን ቢያፈርስ ብሩን መመለስ ትገደዳላችሁ። አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ስታስረክቡ ብቻ ከዕዳ ወደ ገቢ ይዞራል።

የፋሲሎ ነጋዴ

እኔ ከልምዴ የማውቀው ወሳኙ የደረሰኙ ቀን መሆኑን ነው። የዱቤ ሽያጭ ደረሰኙ በሰኔ ከተቆረጠ የ2016፣ በሐምሌ ከተቆረጠ የ2017 ይሆናል። መሥሪያ ቤቶችም አብዛኛውን ጊዜ «ክፍያው ሲዘጋጅ ደረሰኝ ታመጣላችሁ» ስለሚሉ ገና ካልቆረጡት አሁን ቆርጠው ወደ 2017 ቢያሻግሩት ይሻላል።

ጡረተኛው የሒሳብ ሠራተኛ

ግማሹ ልክ ነው፤ ደረሰኙ በጊዜው ከተቆረጠ ቀኑ ከርክክቡ ጋር ስለሚገጥም ልዩነቱ አይታይም። ነገር ግን ደረሰኝ ገቢው መኖሩን ያስረዳል እንጂ ገቢውን አይፈጥረውም። ኦዲተር ሲመጣ የመሥሪያ ቤቱን የንብረት ክፍል ጠይቆ ሞዴል 19ን ከደረሰኙ ጎን ያስቀምጠዋል፤ ሰኔ 24 የገባ ዕቃ መስከረም የተቆረጠ ደረሰኝ ካለው ገቢውን ወደ 2016 ይመልሰዋል፣ ወለድና ቅጣትም ይከተላል። ደረሰኙን ማዘግየቱም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስም የራሱ ቀን እንዳለው አትዘንጉ፤ የሆቴሉ ቅድሚያ ክፍያ የገቢ ግብር ባያስከትልም ታክሱ ክፍያው በተፈጸመበት ወር ይታወቃል።

የአናጺው ሴት ልጅ

አመሰግናለሁ፣ ጋሼ። ለአንድ ዴስክ ጣውላው፣ ብረቱና የሠራተኛው ደሞዝ ተደምሮ 3,200 ብር ወጥቶበታል፤ ከዚህ ውስጥ ለጣውላ ነጋዴው 200,000 ብር ገና አልከፈልንም። ያልከፈልነውን ወጪ መያዝ እንችላለን?

ጡረተኛው የሒሳብ ሠራተኛ

ትችላላችሁ፤ ሚዛኑ በሁለቱም በኩል አንድ ነው። ጣውላው ገብቶ፣ ዋጋው ታውቆ፣ የመክፈል ግዴታው ከተረጋገጠ ወጪው ነጋዴው ገንዘቡን እስኪቀበል አይጠብቅም። በቁጥር እንየው፤ የ40ውን ለጊዜው እንተዋቸው።

በአክሩዋል የ200ው ገቢ 1,000,000፣ ወጪያቸው 640,000 ነው። ትርፉ 360,000 ብር ሲሆን በማኅበር ምጣኔ በ30 በመቶ ግብሩ 108,000 ብር ይመጣል። አባትሽ በሚሉት መንገድ ቢሆን ግን ገቢው የሆቴሉ 450,000፣ ወጪው የተከፈለው 440,000 ብቻ ስለሚሆን ትርፉ 10,000፣ ግብሩም 3,000 ብር ይሆን ነበር። አባትሽን የሚያስቆጣቸው ይህ ልዩነት እንደሆነ ይገባኛል። በጥሬ ገንዘብ ሒሳብም ቢሆን ግብሩ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ መሥሪያ ቤቱ ሲከፍል ሚሊዮኑ በዚያው ዓመት ገቢ ላይ ይወድቃል።

እውነተኛው ችግር የኪስ ነው። ማስታወቂያችሁ እስከ ጥቅምት 30 ስለሆነ ክፍያው እስከዚያ ካልመጣ 108,000 ብሩን ከሌላ ምንጭ መፈለግ አለባችሁ። የሆቴሉን ቅድሚያ ለዚህ የሚያውሉ አይቻለሁ፤ በኋላ ለአልጋው እንጨት መግዣ ያጣሉ።

የፋሲሎ ነጋዴ

መሥሪያ ቤቱ ጭራሽ ባይከፍልስ? ግብሩ ተከፍሎበት ቀረ ማለት ነው?

ጡረተኛው የሒሳብ ሠራተኛ

የማይሰበሰብ ዕዳ በወጪ ይያዛል፤ ነገር ግን መጀመሪያ በገቢ ተይዞ የነበረ መሆን አለበት፣ ከመዝገብ መሰረዝ አለበት፣ ለማስመለስም አስፈላጊው ሕጋዊ እርምጃ ሁሉ ተወስዶ አለመቻሉ መታየት አለበት። «ዘገየብኝ» ብቻውን አይበቃም።

የዘጌ ጀልባ

እኔ ካነሳሁት አይቀር አንድ ልጠይቅ። ያ ድርጅት ሰኔ ላይ በእጄ አልሰጠኝም፤ ነገር ግን በእኔ ጥያቄ የነዳጅ ዕዳዬን 35,000 ብር በቀጥታ ለነዳጅ ሻጩ ከፈለልኝ። መዝገቤ ላይ አልጻፍኩትም፤ በእጄ አልገባማ።

ጡረተኛው የሒሳብ ሠራተኛ

እርስዎ ባዘዙት መሠረት ለእርስዎ ጥቅም የዋለ ገንዘብ እንደተቀበሉት ይቆጠራል፤ በሰኔ ገቢ ይግባ። ነዳጁም በወጪ ስለሚያዝልዎ ከሁለቱም ወገን ይጻፉት። ሽያጭዎ አድጎ ወደ ደረጃ «ሀ» የገቡ ዕለት ደግሞ ድርጅቱ ላይ ያለዎትን ቀሪ ሒሳብ ዝርዝር ያዘጋጁ፤ ዘዴው ሲቀየር የትኛውም ገቢ ሳይቆጠር እንዳይቀር ወይም ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ማስተካከያ ይሠራል።

የአናጺው ሴት ልጅ

40ው ዴስኮችስ?

ጡረተኛው የሒሳብ ሠራተኛ

እኔ ወደ 2017 አደላለሁ፤ ሰኔ 30 ቀን መሥሪያ ቤቱ አልተቀበላቸውም ነበርና የመክፈል ግዴታ አልነበረበትም። ግን ገቢያቸውን ካሻገርሽ ወጪያቸውንም አብረሽ አሻግሪ፤ የ40ው 128,000 ብር በሰኔ 30 ቆጠራ በዕቃነት ይመዝገብ እንጂ በ2016 ወጪ አይግባ። ገቢውን ለከርሞ፣ ወጪውን ለዘንድሮ ያደረገ መዝገብ ኦዲተር ቶሎ ያገኘዋል።

የፋሲሎ ነጋዴ

በዚህ አልስማማም። ዴስኮቹ ሰኔ ላይ ግቢያቸው ገብተዋል፤ ጉድለቱም አንድ ብሎን ማጥበቅ ነው። ለእኔ ተሸጠዋል።

የአናጺው ሴት ልጅ

ውሉን አሁን አየሁት። «ክፍያ የሚፈጸመው ዕቃው በአረካካቢ ኮሚቴ ተመርምሮ ተቀባይነት ሲያገኝ ነው» ይላል፤ ከሥሩ ግን «የአቅራቢው ግዴታ ዕቃው ግቢ ሲደርስ ይጠናቀቃል» የሚል ሌላ አንቀጽ አለ።

ጡረተኛው የሒሳብ ሠራተኛ

ሁለቱ አንቀጾች ይጋጫሉ። የውሉን ቅጂ፣ የሐምሌ 8ቱን ሞዴል 19 እና ኮሚቴው እንዲስተካከል የጻፈውን ማስታወሻ ይዘሽ ከማስታወቅሽ በፊት ቅርንጫፉን በጽሑፍ ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ።