ደመወዜን ቀንሰው «ካልተመቸሽ መልቀቂያ አስገቢ» አሉኝ። ነገ ጠዋት ልፈርም ወይስ ልልቀቅ?

የዳሞቷ
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ኔትወርኩ መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። ፍኖተ ሰላም አንድ የእህል ንግድ ድርጅት ውስጥ የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። ዛሬ ከሰዓት አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጠርቶኝ ደብዳቤ ሰጠኝ። ከመጪው ወር ጀምሮ ሚዛን ላይ መዝጋቢ ሆነሻል፣ ደመወዝሽም ከ9,000 ወደ 6,000 ብር ዝቅ ብሏል ይላል። ከታች «ተስማምቻለሁ» የሚል መፈረሚያ አለው። የመጋዘኑንም ቁልፍ ነገ አምጪ ብሎኛል። ምን አጠፋሁ ስለው «ካልተመቸሽ መልቀቂያ አስገቢ፣ በሩ ክፍት ነው» አለኝ። አንድ ቀን እንኳ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ አያውቅም። በእልህ መልቀቂያውን ጽፌ ጨርሻለሁ። ነገ 2፡30 ላስገባው?

የቡሬ ልጅ
እህቴ፣ ፈርመሽ ሥራሽ ላይ ብትቆዪ ይሻላል። ሕጉ ከደመወዝ እስከ አንድ ሦስተኛ መቁረጥ ይፈቅዳል። ከ9,000 ላይ 3,000 ልክ አንድ ሦስተኛ ነው። አስልተው ነው የቆረጡት፣ የትም ብትሄጂ አታሸንፊም።

የሊድሷ
እታለሜ፣ እኔ ደግሞ ነገ ሳይሆን ዛሬውኑ ልቀቂ እላለሁ። እዚህ እንግሊዝ አገር አረጋውያን የምንከባከብበት ቤት ስሠራ የሌሊት ፈረቃዬን ያለ ስምምነቴ ወስደው ገቢዬን በግማሽ አወረዱት። ጠበቃዋ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው፦ ዝም ብለሽ ከሠራሽ ተቀብለሽዋል ማለት ነው። በሳምንቱ ምክንያቱን ጽፌ ወጣሁ። እዚህ አገር እንዲህ ገፍተው ሲያስወጡሽ ራሳቸው እንዳባረሩሽ ይቆጠራል። ያኔ ክሱ ሦስት ወር ሳይሞላ መግባት ነበረበት፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በመንግሥት አስታራቂ በኩል ማለፍ ግዴታ ነው። እዚያው ሽምግልናው ላይ ከፍለውኝ ተለያየን። አንቺም አትለማመጫቸው።

ባለወፍጮ
አሠሪም ሰው ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር እህል አይገባም፣ አይወጣም። እኔ ራሴ አምስት ሠራተኛ ይዤ ሁለቱን ከማሰናበት የሁሉንም ቀንሻለሁ። ድርጅቱ ቢዘጋ ይሻልሽ ነበር? መጀመሪያ ገበያቸው እንዴት እንደሆነ ንገሪን እንጂ በደፈናው ተበደልኩ አይባልም።

አባይ ማዶ
ቀላል ነው። ለመሥሪያ ቤትሽ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አመልክቺ፣ ካልሆነ ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ በይ። እኔ ወረዳ ጤና ጣቢያ ከደረጃዬ ዝቅ ሲያደርጉኝ እንዲህ አድርጌ ነው የተመለስኩት።

ጮቄ
እህቴ፣ መልቀቂያውን አታስገቢ። «ተስማምቻለሁ» የሚለው ላይም አትፈርሚ። ሦስተኛ መንገድ አለ። ዘጠኝ ዓመት በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ እንዲህ ያለ ጉዳይ ስከታተል ስለኖርኩ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

አባይ ማዶ ያለው ለመንግሥት ሠራተኛ ነው። አንቺ የግል ድርጅት ነሽ፣ የሚገዛሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። የቡሬ ልጅ የጠቀስከው አንድ ሦስተኛ በእርግጥ አዋጁ ውስጥ አለ። ግን ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሲኖር ከወር ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ ሊቆረጥ የሚችለው ጣሪያ ነው። ደመወዙን ራሱን ለዘለቄታው ዝቅ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ያ የውል ለውጥ ነው፣ የውል ለውጥ ደግሞ የሁለታችሁን የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል። ሥራ አስኪያጁ ፊርማሽን አጥብቆ የፈለገው ለዚህ ነው። ካልፈረምሽ ደብዳቤው የእሱ ፍላጎት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ለምን «መልቀቂያ አስገቢ» እንዳለሽ ተመልከቺ። ደመወዝሽን በ30 ብናካፍለው የቀን ክፍያሽ 300 ብር ነው። ያለ ሕጋዊ ምክንያት ቢያሰናብቱሽና ብትከሺያቸው ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራሽ ሊመልስሽ ይችላል። ካልመለሰሽ ካሣው የ180 ቀን ክፍያ ነው፣ ማለትም 54,000 ብር። «በአሠሪዬ ጥፋት ምክንያት ለቀቅኩ» ብለሽ በአንቀጽ 32 ብትወጪና ብታስረጂ ካሣው የ30 ቀን ነው፣ 9,000 ብር። «በግል ጉዳይ ለቅቄያለሁ» ብለሽ ከወጣሽ ግን ካሣ የሚባል ነገር የለም። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሳትሰጪ ከወጣሽ ጭራሽ እነሱ ካንቺ ሊጠይቁ ይችላሉ። አንቺው በእጅሽ ጽፈሽ ብትሰጫቸው ከ54,000ው ስጋት ይገላገላሉ። አሁን የጻፍሽው መልቀቂያ ምን ምክንያት ይላል?

የዳሞቷ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። «በግል ምክንያት» ነው ያልኩት፣ ሁሉም እንደዚያ ሲጽፍ ስላየሁ። አልቀደድኩትም ግን አላስገባም። እና ነገ ምን ብዬ ልግባ? ደግሞ የጽሑፍ ውል የለኝም፣ አራት ዓመት ሙሉ በቃል ነው።

የሊድሷ
ዝም ብላ ከሠራች ተቀብላለች አይባልም ታዲያ?

ጮቄ
የሊድሷ የልቧን ነው የተናገረች፣ ነጥቡም እውነት ነው። ዝም ማለት ይጎዳታል። መፍትሔው ግን መውጣት ሳይሆን አለመቀበሏን በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው።

ነገ ደብዳቤውን ተቀበይ። «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሰርዘሽ «ደርሶኛል፣ የደመወዝና የሥራ መደብ ለውጡን አልተስማማሁበትም» ብለሽ በእጅሽ ጽፈሽ ፈርሚና ቀን አድርጊበት። በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከዚያ አጭር ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ጻፊ፦ የነበረኝ መደብ ይህ፣ ደመወዜ ይህ፣ ያለ ስምምነቴ ተቀንሷል፣ እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። አንዱን አስገብተሽ ሌላው ላይ «ገቢ» አስደርጊበት። ሚዛኑ ላይ መድበንሻል ካሉሽም ተቃውሞሽን እንደያዝሽ ሥሪ። ብትቀሪ ግን የሚፈልጉትን የስንብት ምክንያት በእጃቸው ትሰጫቸዋለሽ።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ አያስፈራሽ፣ መብትሽን አያሳጣም። የባንክ ደብተርሽ፣ የጡረታ መዋጮሽ፣ የፈረምሽበት ፔይሮል ውልሽን ይናገራሉ። የአራት ዓመቱን የባንክ መግለጫ አሁኑኑ አውጪ።

ለምን ነገውኑ ውጪ አላልኩሽም? አንቀጽ 32 አሠሪው ግዴታውን «በተደጋጋሚ» ሳይፈጽም ሲቀር ነው የሚለው። ገና ያልተቆረጠ ደመወዝ ይዘሽ ብትወጪ ዳኛው የቱ ተደጋገመ ይልሻል። አንድ ወር 6,000 ሲገባልሽ ተቃወሚ። ሁለተኛው ወር ላይም ያው ከሆነ መዝገቡ በእጅሽ ነው። ያኔ ለመውጣት ከወሰንሽ ምክንያቱንና የምትወጪበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቂ። ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀምሽበት ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ አምስት ወር ታግሦ በስድስተኛው በምሬት ይወጣል።

አንድ ወጥመድ ልጨምርልሽ። ካሣው የሚሰላው በመጨረሻው ሳምንት የቀን ክፍያ ነው። ቅነሳውን ፈርመሽ ከወጣሽ ስሌቱ በ200 ብር ሆኖ 9,000ው 6,000 ይሆናል። ተቃውመሽ ከሆነ ግን ሕጋዊው ደመወዜ 9,000 ነው ብለሽ ትከራከሪያለሽ።

ሳትወጪም መክሰስ ትችያለሽ። የጎደለውን 3,000 በየወሩ ከሚከፈልበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ወረዳ ፍርድ ቤት ጠይቂ። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። መጀመሪያ ግን ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያውን አነጋግሪ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ጥሪ ብቻ ይበቃል።

ባለወፍጮ
እና አሠሪው ሲቸግረው ምን ያድርግ? ዝም ብሎ ይውደቅ?

ጮቄ
ወንድሜ፣ ችግርህ እውነት ነው፣ እኔም አየዋለሁ። ከአቅም በላይ የሆነ የገንዘብ ችግር ሲገጥም ሥራን ለጊዜው ማገድ ይፈቀዳል፣ ለጽሕፈት ቤቱ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቀህ። ሠራተኛ መቀነስም የራሱ ሥርዓት አለው። ሠራተኞችህን ሰብስበህ ሁሉም በፈቃዳቸው ከፈረሙልህም ያስኬዳል። የእሷ ግን አንዲት ሠራተኛ ለብቻዋ ተጠርታ «ካልተመቸሽ ውጪ» መባል ነው። ይህ የገበያ ጉዳይ አይመስለኝም።

ባለወፍጮ
እኔ አስፈርሜያቸዋለሁ። የሷን አሠሪ ግን ሳንሰማ መፍረድ ይከብዳል፣ በዚህ አልስማማም።

የመጋዘን ሰው
ሁላችሁም ስለ ደመወዝ ታወራላችሁ፣ እኔ የፈራሁት ቁልፉን ነው። ደጀን ላይ ስሠራ እንዲሁ «ቁልፍ አምጣ» ብለውኝ ሰጠሁ። በሳምንቱ 11 ኩንታል በቆሎ ጎደለ ብለው ከሰሱኝ። እህቴ፣ ቆጠራ ሳይደረግ ቁልፍ እንዳትሰጪ! ርክክብ በሉኝ በይ። በየዓይነቱ ጆንያው ይቆጠር፣ ይመዘን፣ ተረካቢው በየገጹ ይፈርም። የገቢና የወጪ ደረሰኝ ጥራዞችሽን የመጨረሻ ቁጥር ጻፊና ፎቶ አንሺ። በቆሎው እርጥብ ገብቶ ደርቆ ከሆነ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ይህንንም ሰነዱ ላይ አስፍሪ። የኔን ጉዳይ ሁለት ዓመት የፈጀው እሱ ነው፤ ቆጠራው ላይ አንድ መስመር ጽፌ ቢሆን በአንድ ቀን ያልቅ ነበር።

የቡሬ ልጅ
አንድ ሦስተኛውን ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ግን የኃላፊነት አበል ካላት እሱን ማስቀረት አይችሉም?

ጮቄ
እሱ ያከራክራል። አበሉ ለመደቡ ብቻ ተብሎ ለይቶ የሚከፈል ከሆነ መደቡ ሲቀር አብሮ ይቀራል የሚል ዳኛ አይቻለሁ፣ ተቃራኒውንም አይቻለሁ። የዳሞቷ፣ 9,000ው ሙሉ በሙሉ መነሻ ደመወዝ ነው ወይስ አበል አለበት? ይህ ብዙ ይለውጣል። የሥራ ስንብት ክፍያንም አሁን አትቁጠሪው፣ የጡረታ መዋጮ ስላለሽ ክርክር ይነሳበታል።

የዳሞቷ
ገባሁ። ደብዳቤው ላይ እንዳላችሁኝ ጽፌ ፈረምኩ፣ ፊቱ ጠቆረ ግን ተቀበለኝ። ማመልከቻውን ግን ጸሐፊዋ ገቢ አላደርግም አለች። 9,000ው ውስጥ 1,200 ብር የኃላፊነት ተብሎ ፔይሮሉ ላይ ለብቻው ተጽፏል፣ አሁን ነው ያየሁት። ቆጠራው ከሰዓት ይጀመራል። ከበቆሎው ላይ ከወዲሁ 4 ኩንታል ጎድሏል እያሉ ነው።

ጮቄ
1,200ው ያከራክር፣ የቀረው 1,800 ግን ከመነሻ ደመወዝሽ ነው፣ እሱን አትልቀቂ። ማመልከቻውን ፖስታ ቤት ሄደሽ በሪኮማንዴ ላኪው፣ ደረሰኙን ያዢ። ካልቻልሽ ሁለት የሥራ ባልደረቦች ባሉበት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪና የእነሱን ስም፣ ቀንና ሰዓቱን ኮፒሽ ላይ ጻፊ።

የመጋዘን ሰው
4 ኩንታል ካሉ ሳይመዘን ነው ያሉት። በቆሎው ስንት ኩንታል ሆኖ ገባ? በየትኛው ወር? ያንን ሳትነግሪን ምንም ላይ እንዳትፈርሚ።