የእንጨቱን ሬዚስታንስ የት ላስገባው?

እባካችሁ እርዱኝ። ጅማ ላይ ለጫጩት ማሳደጊያ ክፍል የግድግዳውን የሙቀት ብክነት እያሰላሁ ነው። 20 ሴ.ሜ ጡብ፣ ከውስጥ 5 ሴ.ሜ ፎም። ሬዚስታንሳቸው፣ ማለትም ሙቀት የመከልከል አቅማቸው፣ ጡቡ 0.29፣ ፎሙ 1.25፣ የውስጥና የውጭ አየር 0.17፤ ድምር 1.71 m²·K/W። ውስጥ 32፣ ውጭ 12 ዲግሪ ሲሆን 11.7 W/m² ይወጣል።

ያስቸገረኝ ፎሙን የያዘው እንጨት ነው። የግድግዳውን 10 በመቶ ይይዛል፤ ሬዚስታንሱ ግን 0.33 ብቻ ነው። ሌሊት በእጄ ስነካው ከፎሙ ይልቅ እሱ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ በተከታታይ ደመርኩት፤ ብክነቱ ቀነሰ። ይሄማ ስህተት ነው። ፎሙንና እንጨቱን ብቻ በትይዩ ሳደርግ 13.9 መጣ። ከአየር እስከ አየር ሁለት ሙሉ መንገድ ሳደርገው ደግሞ 13.1 ሆነ።

ሙቀቱ ጡቡ ውስጥ ወደ ጎን ይሄዳል ብዬ 13.9ን ልውሰድ ወይስ አይሄድም ብዬ 13.1ን? ማሞቂያ ልገዛ ስለሆነ የቱን ልያዝ?