«ተነቅሎ ተገኘ» ወይስ «ነቀለችው»? በሥራ ሪፖርት አጻጻፍ ላይ የተደረገ ክርክር

ጥያቄ (የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ማራኪ)፦ ከዚህ ወር ጀምሮ ማንኛውም ሪፖርት በአድራጊ ግስ እንዲጻፍ፣ «ተደረገ፣ ተከናወነ፣ ተወሰነ» የሚል ሪፖርት ሁሉ ለጸሐፊው እንዲመለስ የሚያዝ ደብዳቤ ደርሶናል። ትክክል ነው ትላላችሁ? በተደራጊ መጻፍ የሚሻልበት ጊዜ የለም?

የሂሳብ ሠራተኛ፣ ፒያሳ፦ ደብዳቤውን የጻፈው ሰው እጁ ይባረክ። ለዓመታት ያነበብኳቸው ሪፖርቶች ሥራው ራሱን በራሱ የሠራ ያስመስላሉ። «በጀቱ ተዛወረ፣ ግዥው ተፈጸመ፣ ርክክቡ ተራዘመ» ይላሉ፤ ማን አዛወረ፣ ማን አራዘመ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሁሉም ጎን ለጎን ይተያያል። ተደራጊ ግስ የጥፋተኛ መደበቂያ ነው፤ እኔ በበኩሌ ቢቀር የሚጎዳ ነገር አይታየኝም።

ጠያቂዋ፦ እኔን ያሳቀኝ ደብዳቤው ራሱ «እንዲጻፍ ተወስኗል» የሚል መሆኑ ነው። ማን እንደ ወሰነ አይናገርም።

ፋርማሲስት፣ አዘዞ፦ የሂሳብ ባለሙያው ያሉት ገንዘብን በተመለከተ እውነት አለው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ትእዛዝ ምን እንደሚያደርስ በዓይኔ ስላየሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀድሞ በሠራሁበት፣ ስሙን በማልጠራው ጤና ጣቢያ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ የክትባት ማቀዝቀዣውን ስከፍት ቴርሞሜትሩ 11 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ክትባት መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ከኋላው ባይ መሰኪያው ከሶኬቱ ወጥቷል። ዓርብ ማታ የተጻፈው የመጨረሻ ልኬት 5 ዲግሪ ሲሆን፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ሠንጠረዡ ባዶ ነበር። ሪፖርቴን እንደ ልማዳችን «ማቀዝቀዣው ከሶኬት ተነቅሎ ተገኘ» ብዬ ጀመርኩ። ኃላፊው ሪፖርቱን መለሰልኝና «ማን እንደ ነቀለው ጻፊ፤ ተደራጊ አልቀበልም» አለኝ።

አድራጊ ግስ ባለቤት ይፈልጋል፤ ባለቤት ከሌለ ደግሞ ሰው ባለቤት ይፈልግለታል። ዓርብ ማታ ክፍሉን የዘጋችው የጽዳት ሠራተኛዋ ስለነበረች፣ በሁለተኛው ሪፖርት ላይ «የጽዳት ሠራተኛዋ ማቀዝቀዣውን ነቀለችው» የሚል ዓረፍተ ነገር ገባ። ማንም ስትነቅለው አላያትም፤ ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው ያስነቀላት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ሶኬቱን ሲፈትሽ መያዣው ላልቶ፣ መሰኪያው ገመዱ በተነካካ ቁጥር እየተንሸራተተ የሚወጣ ሆኖ አገኘው። እስከዚያ ድረስ ግን ሴትዮዋ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀብላ ነበር። ያለቀሰችውን ለቅሶ አልረሳውም፤ በሪፖርቱ ላይ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።

የግንባታ ፎርማን፦ ጥያቄው በደንብ ከገባኝ ሪፖርት ላይ «እኔ» እየተባለ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ ነው። እኔ አልወደውም። በየሳምንቱ የምጽፈው ሪፖርት ላይ «እኔ 12 ሜትር ግድግዳ አስገነባሁ፣ እኔ ሲሚንቶ አስመጣሁ» ብል ጉራ ይመስላል፤ የሠሩት ሠራተኞች ናቸው። «12 ሜትር ግድግዳ ተገነባ» ማለት ጨዋነት ነው።

ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር፦ ልጄ፣ ጥያቄው ስለ «እኔ» ባይሆንም ያነሣኸው ነገር ከጥያቄው ሩቅ አይደለም። አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ስለሚይዝ «ለካሁ» ወይም «ገነባን» ብትል «እኔ» እና «እኛ» የሚሉት ቃላት ሳይጻፉ ባለቤቱ ይታወቃል፤ ስለዚህ ጉራው የሚመጣው ከአድራጊው ግስ ሳይሆን ከተደጋገመው «እኔ» ነው። በአንተ ሪፖርት ግን «ተገነባ» ማለትህ ጉዳት የለውም፤ አንባቢው የሚፈልገው ሜትሩን እንጂ ድንጋዩን ያነሣውን ሰው አይደለም።

ፋርማሲስቷ ወዳመጣችው ጉዳይ ልመለስ። ኃላፊሽ «ተነቅሎ» በሚለው ቃል ላይ መቆሙ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ «ተነቀለ» ሲባል አንባቢ ወዲያው የነቀለ እጅ ይታየዋል። ስሕተቱ መድኃኒቱ ላይ ነው። «ወጥቶ ተገኘ» ቢባል ኖሮ ነቃይም ተነቃይም አይኖርም ነበር፤ ያየሽውም ይህንኑ ብቻ ነው። አማርኛችን «ወጣ፣ ወደቀ፣ ጠፋ፣ ቆመ» የሚሉ፣ አድራጊም ተደራጊም ብለን የማንከራከርባቸው ግሶች አሉት። በ«ተ» የሚጀምርም ሁሉ ተደራጊ አይደለም፤ «ማሽኑ ተበላሸ» ስንል አበላሽ አለ ማለታችን አይደለም። ይህን በግድ ወደ አድራጊ መልሱ ከተባለ «እከሌ አበላሸው» ይሆናል፤ ያ ደግሞ የአጻጻፍ ማስተካከያ ሳይሆን አዲስ ክስ ነው። መዝገብ ቤቷ «ተ» ያለበትን ሁሉ እንድትመልስ ከታዘዘች ብዙ ንጹሕ ሰው ይከሰሳል።

ጠያቂዋ፦ መምህር፣ በሥልጠና ላይ ግን «ዋናውን ነገር መጀመሪያ ላይ ለማስቀመጥ ሲፈለግ ተደራጊ ይሻላል» ተብለን ነበር። ለምሳሌ ሪፖርቱ ስለ ክትባቱ ከሆነ «ክትባቱ» ቀድሞ እንዲመጣ።

መምህሩ፦ ያ ምክንያት ለእንግሊዝኛ ነው የሚሠራው። በእንግሊዝኛ ድርጊቱ የደረሰበትን ነገር ወደ ፊት ለማምጣት አብዛኛውን ጊዜ ግሱን መለወጥ ግድ ይላል። እኛ ግን «ክትባቱን ፋርማሲስቷ ወደ ሌላ ማቀዝቀዣ አዛወረችው» ማለት እንችላለን፤ ክትባቱ ፊት ቀደመ፣ አዛዋሪዋም አልጠፋችም፤ «ን» እና የግሱ መጨረሻ ሥራውን ጨርሰውታል። ስለዚህ በአማርኛ ተደራጊን ለማስቀረትም ሆነ ለማቆየት የምንሰጠው ምክንያት የራሳችን መሆን አለበት።

ሌላም የራሳችን ጣጣ አለ። በጽሑፋችን መጥበቅና መላላት አይታይም፤ «ይለካል» ተብሎ የተጻፈው ለኪውም ተለኪውም ሊሆን ይችላል። «ነርሱ ሙቀት ይለካል» እና «ታማሚው ሙቀት ይለካል» አጻጻፋቸው አንድ ነው፤ አንደኛው ለካ፣ ሁለተኛው ተለካ። በንግግር ጆሮ ይለያቸዋል፤ ወረቀት ግን አይለያቸውም።

ፋርማሲስቷ፦ መምህር፣ ይህን በማንሣትዎ አመሰግናለሁ፤ የእኛን ጉዳይ እውነተኛ ቁስል ነካክተውታልና። ማቀዝቀዣው በር ላይ «ሙቀቱ ጠዋትና ማታ ይለካል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ማን እንደሚለካ አይልም። በሥራ ቀን እኔ ስለምኖር እኔ እለካለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ተረኛው ነርስ የፋርማሲ ሥራ ነው ብሎ ያልፋል። መሰኪያው ምንም ጊዜ ቢወጣ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቴርሞሜትሩን ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ጉዳቱ በሰዓታት ባበቃ ነበር። ያ ተደራጊ ግስ ሁለት ቀን ሙሉ ለማንም ያልተሰጠ ሥራ ደብቆ ይዟል። ኃላፊው አድራጊ መጠየቅ የነበረበት በማቀዝቀዣው በር ወረቀት ላይ ነው፤ እሱ ግን የጠየቀው እኔ ባገኘሁት ነገር ላይ ነው።

አሁን እንዲህ ያለ ሪፖርት ስጽፍ እያንዳንዱን ተደራጊ ግስ «በማን?» እያልኩ እጠይቀዋለሁ። መልሱን ካወቅሁና አንባቢው ለውሳኔ ከፈለገው፣ ወደ አድራጊ እመልሰዋለሁ። መልሱን ካላወቅሁ ግሱን እንዳለ ትቼ፣ አለማወቄን በሌላ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ያ የሰኞ ሪፖርት ዛሬ ቢጻፍ እንዲህ ይሆን ነበር፦

«ሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ ማቀዝቀዣውን ስከፍት ቴርሞሜትሩ 11 ዲግሪ ያሳይ ነበር፤ መሰኪያውን ከሶኬቱ ወጥቶ አገኘሁት። መቼና በምን ምክንያት እንደ ወጣ አልታወቀም። ዓርብ 11፡00 ሰዓት ላይ 5 ዲግሪ መዝግቤ ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ የሚመዘግብ ሰው አልተመደበም፤ የተመዘገበም የለም። ክትባቶቹን ወደ ሁለተኛው ማቀዝቀዣ አዛውሬ ‹እስኪወሰን አይሰጥ› የሚል ጽሑፍ ለጥፌባቸዋለሁ።»

እዚህ ውስጥ «አልታወቀም» የሚለው ተደራጊ በሪፖርቱ ውስጥ ካሉት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ዋጋ ያለው ይመስለኛል። የጽዳት ሠራተኛዋን የሚያድናት እሱ ነው።

የአስጎብኚ ማኅበር አባል፦ ከጎን ልግባና፣ አድራጊ ግስም ሰው ይደብቃል። እኔ በየቀኑ በጎንደሩ ፋሲል ግቢ ውስጥ «አፄ ፋሲል ይህን ግንብ ሠሩ» እላለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩ አድራጊ ነው፤ ንጉሡ ግን ኖራ አላቦኩም። በሪፖርትም «ጽሕፈት ቤቱ ወሰነ፣ ክፍሉ አጸደቀ» ሲባል የሂሳብ ባለሙያው የሚፈልጉት ሰው ከ«ተወሰነ» ይልቅ በምን ቀረበ?

የሂሳብ ሠራተኛው፦ ያስጎበኙት ንጉሥ ቢያንስ አዝዘዋል። ቢሆንም አንድ ነገር ላምን። በክፍያ ማዘዣችን ላይ ከታች «ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው» የሚሉ ሦስት የፊርማ ቦታዎች ስላሉ፣ ከላይ «ክፍያው ተፈጸመ» ቢባል ማንም አይሸሸግም፤ አድራጊዎቹ ከፊርማው ሥር አሉ። እኔን የሚያበሳጨኝ ፊርማ የሌለበት የወር ሪፖርት ነው። ነገር ግን ፋርማሲስቷ «አልታወቀም»ን እንዲህ ማሞገሷ ያሠጋኛል፤ ነገ ሰነፍ ሁሉ ሳያጣራ «አልታወቀም» ብሎ ይፈርማል።

ፋርማሲስቷ፦ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ለዚህ ነው «አልታወቀም» ካልኩ በኋላ የታወቀውን ሁሉ በሰዓቱ የምደረድረው፤ ዓርብ 5 ዲግሪ፣ ሰኞ 11 ዲግሪ፣ መካከሉ ባዶ። ያላጣራ ሰው ይህን መደርደር አይችልም።

የሂሳብ ሠራተኛው፦ የሚያነበው ኃላፊ ይህን ይለያል ብለሽ ታምኛለሽ?

ፋርማሲስቷ፦ የእኔው አልለየም ነበር።

ጠያቂዋ፦ ቃለ ጉባኤስ? ኮሚቴው በድምፅ ብልጫ ሲወስን «ተወሰነ» ብቻ እየጻፍኩ የተቃወሙትን ስም ልተው ወይስ ልጥቀስ? ደብዳቤው ስለዚህ ዝም ይላል።

የሂሳብ ሠራተኛው፦ ስማቸው ይጻፍ፤ ኋላ የተቃወመው ሰው አብሮ እንዳይጠየቅ።

መምህሩ፦ እኔ አይጻፍ ባይ ነኝ፤ ተቃውሞውን ራሱ ተቃዋሚው እንዲመዘገብለት ካልጠየቀ በቀር። ውሳኔው የኮሚቴው ነው፤ «ተወሰነ» ኮሚቴውን እንደ አንድ አካል ያስቆመዋል። እዚህ ላይ ከሂሳብ ባለሙያው ጋር አንስማማም።