ክፍት የሥራ መደቦችን በየትኛው ደመወዝ ላስላቸው?

ሰላም፣ የበጀት ሥራ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ከሰው ኃይል ዕቅዳችን የሠራተኛ ብዛት፣ የደመወዝ መነሻና ጣሪያ፣ ክፍት መደቦችንም በየደረጃው አውጥቼ ለፋይናንስ ማጠቃለያ ማቅረብ አለብኝ። በኤክሴሉ የደረጃው ዓምድ መርጅ ስለተደረገ ቁጥሩ ያለው በመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ነው። ደረጃ 8 ላይ ሦስት የተያዙ፣ ከእነሱ በታች ባሉት ረድፎች ሁለት ክፍት መደቦች ቢኖሩም ይህ ቀመር 0 ይሰጣል፦

```
=COUNTIFS(B:B,8,D:D,"ክፍት")
```

መርጁን ፈትቼ ባዶዎቹን ሴሎች በደረጃው ቁጥር ልሞላቸው ነው። የከበደኝ ወጪው ነው። ቅጥሩ ለጥር ስለታቀደ እስከ ሰኔ 6 ወር እይዛለሁ። ለሁለቱ በመነሻው 12,000 ብር ሲሰላ 144,000፣ በእርከኑ አጋማሽ 15,000 ሲሰላ ግን 180,000 ብር ይመጣል፤ የአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ ገና አልተጨመረም። እናንተ የምትይዙት የትኛውን ነው? ለምን?