ክሎራይድን በሞር ዘዴ ስለካ የማብቂያው ቀለም ለምን ይዋልልብኛል?

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። በውሃ ናሙና ውስጥ ያለውን ክሎራይድ በሞር ዘዴ እየለካሁ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ 1 ሚሊ ሊትር የ5 በመቶ ፖታሲየም ክሮሜት እጨምርና በ0.0141 ሞላር ሲልቨር ናይትሬት ቲትሬት አደርጋለሁ። ከአንድ ጠርሙስ ቀድቼ ሦስት ጊዜ ስሠራ 19.3፣ 19.8 እና 20.4 ሚሊ ሊትር አገኘሁ፤ በንጹሕ የሶዲየም ክሎራይድ ሙሙት ስሞክረው ግን ውጤቶቹ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ። ናሙናው ላይ ቀዩ ቀለም ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ የት ላይ ማቆም እንዳለብኝ ቸግሮኛል። ጠርሙሱ ለብረታ ብረት ምርመራ ተብሎ ናይትሪክ አሲድ የተጨመረበት ስለነበር፣ አረፋው እስኪያቆም ድረስ ሶዲየም ባይካርቦኔት ጨምሬበታለሁ። ስህተቴ ምኑ ላይ ነው?

የኬሚስትሪ ተማሪ፦
አመልካቹ ያነሰ ይመስለኛል። ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው ሲልቨር ክሮሜት ስለሆነ፣ ክሮሜቱ ሲበዛ ዝቃጩ ቶሎ ይታያል። ወደ 5 ሚሊ ሊትር ከፍ ቢያደርጉት ማብቂያው የሚጎላ ይመስለኛል።

የውሃ ላብራቶሪ ባለሙያ፦
ክሮሜቱ ሲበዛ ቀዩ ዝቃጭ ቀድሞ እንደሚመጣ ተማሪው የተናገረው እውነት ነው፤ ችግሩ ከሚገባው በላይ መቅደሙ ነው። ክሎራይዱና የተጨመረው ሲልቨር ልክ በሚተካከሉበት ነጥብ ላይ፣ ፈሳሹ ውስጥ ሳይዘቅጥ የሚቀረው ሲልቨር በሊትር 13 ማይክሮሞል ያህል ነው። በ1 ሚሊ ሊትር አመልካች ሲልቨር ክሮሜት መዝቀጥ የሚጀምረው 20 ማይክሮሞል አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ትንሽ ይዘገያል፣ መዘግየቱንም ክሎራይድ በሌለው ውሃ በምንሠራው ብላንክ እናርመዋለን። በ5 ሚሊ ሊትር ግን ከ10 ማይክሮሞል በታች ስለሚጀምር፣ ክሎራይዱ ሳያልቅ ቀዩ ሊመጣ ይችላል። ከዚህም በላይ ቢጫው ጠልቆ የመጀመሪያውን የቀለም ለውጥ ከዓይን ይሰውራል።

የእርስዎ ችግር ያለው አሲዱ ላይ ነው። አረፋው ቆመ ማለት አሲዱ አለቀ ማለት አይደለም። ክሮሜት አሲድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ሃይድሮጅን ይይዝና ከሲልቨር ጋር ቀይ ዝቃጭ ወደማይሠራ ሌላ አዮን ይለወጣል። ፒኤቹ 5.2 አካባቢ ከሆነ፣ ከጨመሩት ክሮሜት ውስጥ በክሮሜትነቱ የሚቆየው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ያ ጥቂት ክሮሜት ዘቅጦ እንዲታይ በሊትር 100 ማይክሮሞል ያህል ሲልቨር ያስፈልጋል፤ ይህም በእርስዎ መጠን ሲሰላ ወደ 0.9 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ትርፍ ሲልቨር ናይትሬት ይሆናል። ባይካርቦኔቱን በየጊዜው በግምት ስለሚጨምሩ የሦስቱም ፒኤች ይለያያል፤ ስለዚህ ውጤቱ ከፍ ማለት ብቻ ሳይሆን ይበታተናልም። የሶዲየም ክሎራይዱ ሙሙት አሲድ ስለሌለበት ነው ያላስቸገረዎ።

ምልክቱን በዓይንዎ ሊያዩት ይችላሉ። አመልካቹን እንደጨመሩ፣ ገና ሲልቨር ናይትሬት ሳይነካው፣ ናሙናዎን ከሶዲየም ክሎራይዱ ፍላስክ ጎን ያቁሙት። ጤናማው የሎሚ ቢጫ ነው፤ የእርስዎ ወደ ብርቱካናማ ያዘነበለ ከሆነ ክሮሜቱ ተለውጧል።

ፒኤቹን ከ7 እስከ 9 ባለው ውስጥ ያስገቡት። ከ10 ካለፈ ደግሞ ሲልቨሩ በኦክሳይድ መልክ እየዘቀጠ ይጠፋብዎታል። ከልክ በላይ ካለፈብዎ በናይትሪክ ወይም በሰልፈሪክ አሲድ ይመልሱት፤ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከመለሱት ግን የሚለኩትን ክሎራይድ ራስዎ ጨመሩበት ማለት ነው። የብዙዎቹ የፒኤች ሜትር ኤሌክትሮዶች ሆድ ውስጥም ፖታሲየም ክሎራይድ ስላለና ቀስ እያለ ስለሚያንጠባጥብ፣ ፒኤቹን በሌላ 100 ሚሊ ሊትር ላይ ይለኩና ያንን ይድፉት፤ ቲትሬት በሚያደርጉት ውስጥ ኤሌክትሮዱን አይንከሩ። ይህንን ሳላውቅ ዝቅተኛ ክሎራይድ ባላቸው ናሙናዎች ላይ ብዙ ቀን ተቸግሬያለሁ።

የኮንክሪት መርማሪ፦
እኔም እንዲሁ ነው የሚያስቸግረኝ። ኮንክሪቱን ፈጭተን በናይትሪክ አሲድ ስናሟሟው ፈሳሹ ይደፈርሳል፣ ቀለምም ይይዛል፤ የትኛውም አመልካች አይታይበትም። እኛ የሲልቨር ኤሌክትሮድ እየተጠቀምን፣ ሲልቨር ናይትሬቱን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርን ሚሊቮልቱን እንመዘግባለን፤ በአንድ ጭማሪ ከሁሉ የበለጠ የዘለለበት ቦታ ማብቂያው ነው። አሲዱም አያስቸግረንም። ድፍርስ ናሙናን በቀለም መለካት ልፋት ነው።

የውሃ ላብራቶሪ ባለሙያ፦
ለእርስዎ ናሙና ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው፤ የጠያቂዋ ውሃ ግን የጠራ ስለሆነ፣ ኤሌክትሮድ ባይኖራትም በቀለሙ ትሠራለች።

ጡረታ የወጡ መምህር፦
ልጄ፣ ናሙናሽ ከመነሻው አሲድ ካለበት ለምን ከአሲዱ ጋር ትታገያለሽ? የቮልሃርድ ዘዴ አሲድ ይፈልጋል። ሲልቨር ናይትሬቱን አትርፈሽ ጨምሪ፣ የተረፈውን በፖታሲየም ታዮሳያኔት መልሰሽ ለኪ፤ አመልካቹ የፈሪክ አሙኒየም ሰልፌት ነው፣ ማብቂያውም ደም የመሰለ ቀይ ነው።

የውሃ ላብራቶሪ ባለሙያ፦
መምህር፣ ስለ አሲዱ ያሉት ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ሲልቨር ታዮሳያኔት ከሲልቨር ክሎራይድ ይልቅ የማይሟሟ ስለሆነ፣ የዘቀጠው ክሎራይድ እዚያው ከቆየ ታዮሳያኔቱ ሲልቨሩን ይነጥቀዋል። ያኔ ቀዩ ቀለም ስናማስለው ይደበዝዛል፣ ተጨማሪ ታዮሳያኔት እናፈሳለን፣ የክሎራይዱም ውጤት ከእውነተኛው በታች ይሆናል። ስለዚህ ዝቃጩ አስቀድሞ ተጣርቶ መውጣት አለበት።

መምህሩ፦
አዎ፣ እኛም እናጣራው ነበር፤ ሳልጠቅሰው ቀረሁ። ቢሆንም አሁንም እሱኑ እመርጣለሁ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከፍላስክ ጎን ሳቆመው የእኔ በእርግጥ ብርቱካናማ ነበር። በሌላ ድርሻ ላይ ስለካው፣ አመልካቹ ከገባ በኋላ ፒኤቹ 5.2 ሆኖ አገኘሁት። ባይካርቦኔት ጨምሬ ወደ 8 ካደረስኩት በኋላ 18.4፣ 18.4 እና 18.5 ሚሊ ሊትር መጣልኝ። በተጣራ ውሃ የሠራሁት ብላንክ 0.2 ነው። በ18.4 ሳሰላው እንዲህ ሆነ፦

```
(18.4 − 0.2) × 0.0141 × 35450 ÷ 100 ≈ 91 mg/L
```

በቀደሙት ንባቦች ከ95 እስከ 101 ሚሊ ግራም በሊትር ልጽፍ ነበር። አንድ ነገር ግን አሁንም አልጠራልኝም፤ የማቆመው ፈሳሹ ሸክላ ሲመስል ነው ወይስ ከዚያ በፊት?

የውሃ ላብራቶሪ ባለሙያ፦
ሸክላ ከመሰለ አልፏል። ጠብታው በወደቀበት ቦታ ሲልቨሩ ለቅጽበት ስለሚበዛ ቀይ ነጥብ ይታያል፤ ሲማሰል ከቀረው ክሎራይድ ጋር ተገናኝቶ ይጠፋል። ቀዩ ነጥብ ለመጥፋት ሲዘገይ ማብቂያው ቀርቧል። ያን ጊዜ ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ በደንብ ያማስሉ፤ ቢጫው ወደ ሮዝ ያዘነበለ ቢጫ ዞሮ ሳይመለስ የቀረበት የመጀመሪያው ጠብታ ላይ ያቁሙ። ብላንኩ ነጭ ዝቃጭ ስለሌለው ቀለሙ ከናሙናው ጋር አይነጻጸርም፤ ክሎራይድ የሌለበት ካልሲየም ካርቦኔት በጥቂቱ ይጨምሩበትና እዚያው ቀለም ላይ ያቁሙት።

የኬሚስትሪ ተማሪ፦
እኔና ጓደኛዬ አንድን ፍላስክ አይተን በሁለት ጠብታ እንለያያለን። የማን ዓይን ነው ትክክል?

የውሃ ላብራቶሪ ባለሙያ፦
ብላንኩን፣ የሲልቨር ናይትሬቱ ትክክለኛ ጥንካሬ የተለካበትን የሶዲየም ክሎራይድ ሙሙትና ናሙናውን አንድ ሰው ከሠራቸው፣ ልዩነቱ በአብዛኛው ይጣፋል። ክሎራይዱ በጣም ትንሽ ሲሆን ግን ሁለት ጠብታ ራሷ ብዙ ናት፤ ያኔ ወደ ኤሌክትሮዱ መሄድን እመርጣለሁ፣ መምህር ምናልባት አይስማሙም።